ደንበኛው በአንድ ኢንቮይስ ተከራክሮ ሌላውን ሁሉ ሲያስር

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። በየወሩ ከፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ያልተከፈለው ብር ስንት ቀን እንደቆየ የሚያሳየውን ኤጂንግ ሪፖርት አወጣለሁ፤ 90 ቀን ያለፈው ብር እያበጠ ነው። ትልቁ ደንበኛችን በአንድ ኢንቮይስ ላይ ቅሬታ አለኝ ብሎ ሌላውንም መክፈል አቁሟል። በቴሌግራም ማስታወሻ ብንልክ አይቶ ዝም ነው። ሥራ አስኪያጁ ዕቃ ይቁምበት ይላል፤ ሴልሱ ደግሞ ደንበኛ ልታባርሪብን ነው ይለኛል። ከየት ልጀምር?

ምላሽ፦ አብሽሪ እህቴ። ሥራ አስኪያጁም ሴልሱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ማን ልክ እንደሆነ የሚታወቀው ግን ሪፖርቱ ከጸዳ በኋላ ነው። ደንበኛው የሚከራከርበት ብር ከማይከራከርበት ካልተለየ፣ ዕቃ ማቆምም መለማመጥም በጨለማ መደናበር ነው። ስለዚህ ስልክ አንስተሽ ከመደወልሽ በፊት ወረቀትሽ ላይ ቁጭ በይ።

በአንድ ጉዳይ ላሳይሽ። እዚሁ ድሬ ያለ አንድ የቀለም አከፋፋይ ሐረር ላለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በ30 ቀን ዱቤ ይሸጣል። የመደብሩ ስም ኤጂንግ ሪፖርቱ ላይ ከላይ ነበር የተቀመጠው። ቫትን ጨምሮ አራት ኢንቮይሶች ክፍት ሆነው ይታያሉ፦

አንደኛው 230,000 ብር፣ ከተቆረጠ 125 ቀን።
ሁለተኛው 276,000 ብር፣ 98 ቀን።
ሦስተኛው 184,000 ብር፣ 64 ቀን።
አራተኛው 138,000 ብር፣ 21 ቀን።

ድምሩ 828,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 506,000ው “ከ90 ቀን በላይ” የሚለው ዓምድ ውስጥ ገብቷል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ቁጥር ሲያይ “ይሄ ሰውዬ ገንዘባችንን በላ” አለ። ወረቀቱን ብቻ ስላየ አይፈረድበትም።

መጀመሪያ የታየው ነገር አቆጣጠሩ ነው። ሪፖርቱ ቀኑን የሚቆጥረው ኢንቮይሱ ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ ነበር። ደንበኛው የ30 ቀን ዱቤ ከተሰጠው፣ እነዚያ 30 ቀናት የእሱ ናቸው። ዘገየ የሚባለው ከመክፈያው ቀን በኋላ ነው። በመክፈያ ቀን ሲቆጠር የመጀመሪያው ኢንቮይስ 95 ቀን፣ ሁለተኛው 68 ቀን፣ ሦስተኛው 34 ቀን ያለፋቸው ሆኑ። አራተኛው ገና 9 ቀን ይቀረዋል። ፒችትሪ ላይ ይህን ማስተካከል ቀላል ነው። Maintain ውስጥ Default Information፣ ከዚያ Customers ትገቢና Account Aging የሚለውን ትከፍቻለሽ። እዚያ Invoice date የሚለው ተመርጦ ካገኘሽው ወደ Due date ቀይሪው። ብዙ ቢሮ ይህን ቦታ ከፍቶ አይቶት አያውቅም፤ ሶፍትዌሩ ሲጫን እንደነበረ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። በመክፈያ ቀን ለመቁጠር እያንዳንዱ ደንበኛ ሲስተሙ ላይ የተመዘገበለት የዱቤ ጊዜ እውነተኛው መሆን አለበት። ሴልሱ በቃል “60 ቀን ይሁንልህ” ብሎት፣ ሲስተሙ ላይ 30 ከተጻፈ፣ ደንበኛው በሠላሳኛው ቀን ሲደወልለት ቢቆጣ አይፈረድበትም። የዱቤ ውሉንና ሲስተሙን አስተያዪ። ውል ከሌለ ሴልሱን ጠይቂውና በጽሑፍ ይመልስልሽ።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ የሚያስደነግጥ ነበር። የመጀመሪያው ኢንቮይስ ተከፍሏል! ደንበኛው ከሁለት ወር በፊት በባንክ 226,000 ብር አስገብቷል። የገንዘቡ መምጣት ሲታወቅ ሒሳብ ክፍሉ መዝግቦታል፤ ግን የትኛውን ኢንቮይስ እንደሚከፍል ስላላወቀ Apply to Invoices በሚለው ፈንታ Apply to Revenues በሚለው በኩል Prepayment ብሎ አስገባው። ብሩ ደንበኛው ሒሳብ ላይ በነጋቲቭ ተንሳፎ ቀረ፤ ኢንቮይሱም ክፍት ሆኖ ዕድሜውን ይቆጥራል። ስለዚህ እውነተኛው ቀሪ ዕዳ 828,000 ሳይሆን 602,000 ብር ነበር።

ኤጂንግ ሪፖርትሽ ላይ በነጋቲቭ የቆመ ቁጥር ካየሽ፣ ሌላ ሥራ ሳትጀምሪ እሱን ፍቺ። ለከፈለው ሰው “አልከፈልክም” ብሎ መልእክት መላክን የሚያክል ደንበኛን የሚያስኮርፍ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ የምትልኪውን ሁሉ አይቶ ዝም ይላል። ለምን ይመልስ? ሒሳባችሁን እንደማታውቁት አረጋግጣችሁለታል። የእናንተም ደንበኛ ዝምታ ከዚህ የመጣ እንዳይሆን ፈትሺ።

ስትፈቺው ግን ደስ ባለሽ ኢንቮይስ ላይ አትለጥፊው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ብዙ ዕዳ ያለበት ሰው ሲከፍል የትኛውን ዕዳ እንደሚከፍል የመናገር መብቱን ለከፋዩ ሰጥቷል። ስለዚህ ጠይቂው። “ይቺን 226,000 ብር ለየትኛው ኢንቮይስ ነው የላካችሁት?” ብለሽ ለደንበኛው ሒሳብ ሠራተኛ ጻፊና መልሱን ያዢ። እዚህ ጋ ጥያቄው በራሱ መግቢያ ይሆንሻል፤ ገንዘብ ስትጠይቂው ዝም ያለ ሰው ሒሳብ ስታስተካክዪለት ይመልሳል።

ታዲያ 230,000 ላይ 226,000 ከተከፈለ፣ 4,000ው የት ሄደ? ዊዝሆልዲንግ ነው። ከቫት በፊት ያለው ዋጋ 200,000 ነበር፤ ያኔ ተቀናሹ 2 በመቶ ስለነበር 4,000 ይመጣል። አንቺ ስታሰዪ በሥራ ላይ ያለውን መጠን ተጠቀሚ። ደንበኛው ብሩን በስማችሁ ለታክስ መሥሪያ ቤት ያስገባል፤ ለእናንተ ደግሞ የተቀናሽ ደረሰኝ ሊሰጣችሁ ይገባል። ደረሰኙ ካልመጣ ኢንቮይሱ አይዘጋም። እንዲህ ያለች ቁራጭ ከደንበኛ ደንበኛ እየተጠራቀመች “ከ90 ቀን በላይ” የሚለውን ዓምድ ታሳብጠዋለች። ይህን ገንዘብ ብለሽ ብትጠይቂ አታገኚውም። የምትፈልጊው ወረቀት ነው። የትርፍ ግብር ስትከፍሉ ተቀናሽ የሚደረግላችሁ በዚያች ደረሰኝ ስለሆነ ደግሞ ወረቀቷ ብር ናት።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ። ክርክሩ ያለው በሁለተኛው፣ በ276,000ው ኢንቮይስ ላይ ነው። 400 ጣሳ ቀለም፣ አንዱ ከቫት በፊት በ600 ብር። ደንበኛው “ጣሳዎቹ ተበላሽተው መጡ” ይላል። ስንት ጣሳ? እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀውም ነበር። ሲጠየቅ 30 ጣሳ አለ። 30 ጣሳ ማለት 18,000 ብር፣ ከነቫቱ 20,700 ብር ነው።

እስቲ አስቢው። 20,700 ብር ክርክር አለበት። የቀረው የዚያው ኢንቮይስ 255,300 ብር ላይ ማንም አልተከራከረም። የሦስተኛው ኢንቮይስ 184,000 ብርም ቀኑ አልፏል፤ ምንም ቅሬታ የለበትም። ሁለቱ ተደምረው 439,300 ብር። ይህ ሁሉ ብር የታሰረው በሠላሳ ጣሳ ነው።

ስለዚህ የአንቺም የመጀመሪያ ሥራ ይሄው ነው፦ ቅሬታውን ወደ ቁጥር መቀየር። “ቅሬታ አለኝ” የሚለው ቃል ኢንቮይሱን ሁሉ ይሸፍናል፤ ከዚያም አልፎ ሒሳቡን ሁሉ። የትኛው ዕቃ፣ ስንት ፍሬ፣ በስንት ብር፣ መቼ ታየ፣ ለማን ተነገረ፣ ምን ማስረጃ አለ ብለሽ ጠይቂ። አትከራከሪው። ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል አትበዪው። ዝም ብለሽ መዝግቢ። ከዚያ የመዘገብሽውን መልሰሽ ላኪለትና “ይህን ነው ያልከን፣ የቀረ ካለ ንገረን” በዪው። ይህ መልእክት ሁለት ሥራ ይሠራል። እውነተኛ ቅሬታ ላለው ሰው እንደተሰማ ያሳየዋል። ቅሬታውን በየሳምንቱ ለሚቀያይር ሰው ደግሞ በሩን ይዘጋበታል።

ምዝገባውን ከፒችትሪው ጎን በኤክሴል ብትይዢው ይበቃል። የኢንቮይሱ ቁጥር፣ ክርክር ያለበት ብር፣ ክርክር የሌለበት ብር፣ ምክንያቱ፣ የተነሳበት ቀን፣ ከእኛ በኩል የሚፈታው ሰው ስም፣ የሚፈታበት የመጨረሻ ቀን። ከነዚህ ውስጥ እኔ ከሁሉ አጥብቄ የምይዘው የሚፈታውን ሰው ስም ነው። የዕቃ ብልሽት ወይም ጉድለት ከሆነ የመጋዘን ኃላፊው። የዋጋ ልዩነት ከሆነ ዋጋውን የተስማማው ሴልስ። ኢንቮይስ አልደረሰኝም ከሆነ አንቺ ራስሽ። “ሒሳብ ክፍል” ተብሎ ከተጻፈ ማንም አይፈታውም። ለተራ ክርክር አሥር ቀን በቂ ነው።

እና ደግሞ፣ ክርክር ያለበትን ብር ከኤጂንጉ አታውጪው። አንዳንድ ቦታ “ክርክር ላይ ያለ” የሚል ዓምድ ይሠሩና ዕድሜ መቁጠሩን ያቆማሉ። ያ ዓምድ የቆሻሻ መጣያ ይሆናል። ማንም መሰብሰብ ያቃተው ነገር እዚያ ይጣላል፤ ሪፖርቱ ያምራል፤ ብሩ የለም። ዕድሜው ከመጀመሪያው የመክፈያ ቀን ጀምሮ ይቆጠር፤ አጠገቡ ምልክት ብቻ ይደረግበት።

የቀለም አከፋፋዩ ጋ ሲመረመር የወጣውን ልንገርሽ። የዕቃ ማስረከቢያው ላይ የደንበኛው ሰው ያለ ምንም አስተያየት ፈርሞ ተረክቧል። በወረቀት ከሄድን ደንበኛው ተሸንፏል። ነገር ግን ዕቃው በደረሰ ማግሥት የፈሰሱትን ጣሳዎች ፎቶ አንስቶ ለሴልሱ በቴሌግራም ልኮ ነበር። ሴልሱ “እናያለን ወንድሜ” ብሎ መልሶለታል፤ ለማንም አልተናገረም። ክፋት አልነበረውም፤ ወሩን ሙሉ አዲስ ትዕዛዝ ሲያሳድድ ረሳው። ሕጉም ገዢ ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ቶሎ እንዲያስታውቅ ነው የሚጠብቅበት፤ ይህ ሰው ደግሞ በማግሥቱ አስታውቋል። ፊርማው ስላለ ብቻ “አያገባንም” ቢሉት ኖሮ ጥፋቱ የእነሱ ይሆን ነበር።

መጋዘን ኃላፊው በዕቃ መኪናው ሐረር ወጥቶ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። 18ቱ በእርግጥ ፈሰዋል። 12ቱ ጎናቸው ጎድጉዷል እንጂ ክዳናቸው አልተከፈተም፤ ቀለሙ ደህና ነው። ባለመደብሩ እዚያው ቆሞ እያየ ስለሆነ ክርክሩ በግማሽ ሰዓት አለቀ። 18ቱ ተመላሽ ይሆናሉ፣ 12ቱን ይከፍላል። የ18ቱ ዋጋ 10,800 ብር፣ ከነቫቱ 12,420። የ12ቱ ከነቫቱ 8,280። ሁለቱ ሲደመሩ 20,700ው ይመጣል።

ለ12,420ው ኢንቮይሱን የሚቀንስ ክሬዲት ኖት ተቆረጠ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ያቋርጣል። “በሚቀጥለው ዕቃ ላይ እናስተካክልልሃለን” ብሎ በቃል ይጨርሳል፤ ወይ አዲሱን ዕቃ አርክሶ ይሸጥለታል። አታድርጊው። ቫቱ ኢንቮይሱ በተቆረጠበት ወር ተገልጾ ለመንግሥት ገቢ ሆኗል፤ ደንበኛው ይክፈላችሁ አይክፈላችሁ ማንም አልጠየቃችሁም። በዚያ ኢንቮይስ 36,000 ብር ቫት ከአከፋፋዩ ኪስ ወጥቷል። ክሬዲት ኖት ካልተቆረጠ ባልተሸጠ 18 ጣሳ ላይ የተከፈለው 1,620 ብር ቫት አይመለስም፤ ኢንቮይሱም 12,420 ብር ይዞ ሌጀሩ ላይ እስከ ዘላለም ይቀመጣል። ደንበኛውም በዚያው ልክ የገዛበትን ቫት ማስተካከል ስላለበት ወረቀቱ ይደርሰው።

ይሄ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። ጣሳዎቹ እስኪታዩ ድረስ ሌላው ብር አልጠበቀም። ክርክሩ በቁጥር በተመዘገበ ዕለት አከፋፋዩ የሚከተለውን ደብዳቤ ማኅተም አድርጎ ላከ፤ ፎቶውን ደግሞ በቴሌግራም። አንቺም እንዳለ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ፦

“ለክቡር ደንበኛችን፦ በኢንቮይስ ሁለት ከተረከባችሁት 400 ጣሳ ውስጥ 30ው ተበላሽቷል ያላችሁን መዝግበናል። ዋጋው ከነቫት 20,700 ብር ነው። የመጋዘን ኃላፊያችን እስከ ሐሙስ በአካል መጥቶ ያየዋል፤ እስከዚያ ይህን ብር አንጠይቅም። ቀሪው 255,300 ብር እና የኢንቮይስ ሦስት 184,000 ብር የመክፈያ ጊዜያቸው አልፏል። ተቀናሽ ግብር 7,640 ብር ሲነሳ የሚከፈለው 431,660 ብር ነው። እስከ ረቡዕ እንድትከፍሉንና የባንክ ስሊፑን ከተቀናሽ ደረሰኙ ጋር እንድትልኩልን እንጠይቃለን።”

ደብዳቤው ለምን ይሠራል? አንደኛ፣ ደንበኛው ማስላት አይጠበቅበትም። የሚጽፈው ብር እስከ መጨረሻዋ ድረስ ተነግሮታል፤ የሒሳብ ሠራተኛው “ስንት ልጻፍ?” ብሎ አለቃውን የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። ሁለተኛ፣ ቅሬታው ቀን ተቆርጦለታል። ሦስተኛው ግን ዋናው ነው፦ ደብዳቤው ፈተና ነው። ቅሬታው እውነት የሆነ ደንበኛ፣ የተከራከረበት ብር ለብቻው ከተቀመጠለት ሌላውን ይከፍላል። የሐረሩ ሰው በማግሥቱ 431,660 ብር አስገባ። ክርክሩ ሲያልቅ ቀሪውን 8,280 ብር፣ 144 ብር ዊዝሆልዲንግ ቀንሶ፣ 8,136 ላከ።

ከተለየለት በኋላም ካልከፈለ ጉዳዩ ጣሳ አይደለም። ብር የለውም፤ ወይም ብሩን ሌላ ቦታ እያዞረበት ነው። ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ቅሬታው መጀመሪያ የተሰማው የመክፈያው ቀን አልፎ ከተደወለለት በኋላ ከሆነ። ማስረጃ ሲጠየቅ ምክንያቱን ከቀየረ፣ መጀመሪያ ዋጋው ነው ብሎ ኋላ ዕቃው ነው ካለ። ተበላሸ ያለውን ዕቃ ግን ሸጦት ከተገኘ። እንዲህ ያለውን ሰው በክርክር መዝገብ አታስቀምጪው። ቁጭ ብላችሁ በክፍል በክፍል የሚከፍልበትን ቀን በጽሑፍ ተስማሙ፤ ዕዳውንም አምኖ ይፈርም።

ዕቃ ማቆም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጅሽን እንዲህ በዪው፦ ዕቃ የሚቆመው ክርክር በሌለበትና ቀኑ ባለፈ ብር እንጂ በተከራከሩበት አይደለም። ሠላሳ ጣሳ ፈሰሰብኝ ያለን ሰው ዕቃ ብታቆሙበት ቅሬታ በማቅረቡ ቀጣችሁት። ቅሬታ የሌለበትን 184,000 ላልከፈለ ሰው ግን በዱቤ መጨመር ቀዳዳ ማስፋት ነው። ሴልሱን ደግሞ “ደንበኛውን አናባርርም፤ እየከፈለ ይግዛ፣ ዱቤው ነው የቆመው” በዪው። የሴልሱ ኮሚሽን ሲሸጥ ሳይሆን ብሩ ሲገባ የሚሰላ ቢሆን ይህ ክርክር ራሱ ባልተነሳ ነበር። እሱ ግን የአንቺ ውሳኔ አይደለም፤ ለሥራ አስኪያጅሽ ጣል አድርጊለት።

ስለ ማስታወሻው ደግሞ። ብዙ ቢሮ የመጀመሪያውን መልእክት የሚልከው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። እኔ ከሁሉም የሚጠቅመው ከመክፈያው ቀን አምስት ቀን ቀድሞ የሚደወለው ስልክ ነው እላለሁ። ገንዘብ አይጠየቅበትም። “ዕቃው ደህና ደረሰ? ኢንቮይሱ ደረሳችሁ? የሚስተካከል ነገር አለ?” ነው የሚባለው። ቅሬታ ካለ ያኔ ይወጣል፤ መኪናው ሾፌር ጋ፣ መጋዘኑ ጋ ሁሉም ነገር ገና ትኩስ ነው። “ምንም የለም፣ ደህና ነው” ካለ ደግሞ ያንን ከነቀኑ ጻፊው። ከወር በኋላ ጣሳ ተበላሸ ሲል ትፈልጊዋለሽ።

ቀኑ ካለፈ ሦስት ቀን ሲሆነው አጭር መልእክት፦ የኢንቮይሱ ቁጥር፣ ከተቀናሽ በኋላ የሚከፈለው ብር፣ የባንክ ሒሳባችሁ። በሁለት ሳምንት ስልክ። ስልኩ ላይ የምትፈልጊው ቀንና ብር ነው። “በዚህ ሳምንት እናያለን” ቃል አይባልም። “ሰኞ 180,800 አስገባለሁ” ይባላል። እንዲህ ሲልሽ መዝግቢና እዚያው “ለሰኞ 180,800 ብር ተነጋግረናል፣ እናመሰግናለን” ብለሽ ጻፊለት። ማክሰኞ ጠዋት ካልገባ ማክሰኞ ጠዋት ደውዪ፤ ዓርብ አትጠብቂ። በአንድ ወር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ ለባለቤቱ እንጂ ለሒሳብ ሠራተኛው አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ።

ሰዓቱንም ልብ በዪ። ድሬ ላይ ከቀትር እስከ 10 ሰዓት ሱቁ ዝግ ነው፤ ወይ ሙቀቱ ወይ በርጫው ይዞታል። ከዚያ በኋላ ከፍቶ ቢገኝም ባንኩ ሊዘጋበት ይችላል፤ “ነገ” የሚለውን መልስ በነፃ ሰጠሽው ማለት ነው። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ተኩል ደውዪ። ዓርብ ደግሞ ቶሎ ይወጣሉ። በስልክ እንደ ድሬ ሰው “አንተ” እያልሽ ብታወሪው ማንም አይከፋም፤ እንዲያውም “እርስዎ” ካልሽው ምን ሆነች ይላል። ደብዳቤው ግን ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ምናልባት ፍርድ ቤት ይቀርባል። እሱን በወጉ፣ በአክብሮት ጻፊው።

ፍርድ ቤት ካልኩ አይቀር፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ትርጉም አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1772 መሠረት ባለዕዳውን ውሉን አላከበርክም ለማለት መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ በልዩ ልዩ ምክንያት የማያስፈልግባቸው ጊዜዎች ቢኖሩም። ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ደግሞ ዕዳው ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ኢንቮይስ አራትንም ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ አጉራችሁ “602,000 ብር ክፈለን” ብትሉ፣ ገና 9 ቀን በሚቀረው 138,000 ላይ የጻፋችሁት አይቆምም፤ ደንበኛውም በዚያ ምክንያት ሁሉንም ይጥለዋል። በውል የዕዳ ይርጋው በመደበኛው 10 ዓመት ነው፤ ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሒሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ ልካችሁ ማስፈረም የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ብሩ ጭራሽ የማይሰበሰብ ሆኖ ከመዝገብ ሲሰረዝ ደግሞ፣ በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት ወጪ ተብሎ የሚያዘው ለመሰብሰብ ሕጋዊ እርምጃ ሁሉ እንደተወሰደ ሲታይ ነው። የቴሌግራም “ሰላም ነው? ያቺን ነገር…” እርምጃ ተብሎ አይቆጠርልሽም።

ለአንቺ የነገ ሥራ እንግዲህ ይህን ያህል ነው። የትልቁን ደንበኛ ሌጀር አትሚ። በነጋቲቭ የቆመ ካለ ፍቺ። ከተቀናሽ የመጡትን ቁርጥራጮች ለይተሽ የደረሰኝ ጥያቄ ላኪ። ከዚያ ለሒሳብ ሠራተኛው ሳይሆን ቅሬታውን ላነሳው ሰው ደውለሽ “ስንት ፍሬ? በስንት ብር?” በዪው። ቁጥሩን ከነገረሽ ደብዳቤውን በዚያው ቀን አውጪ፤ ሁለት ቀን ካለፈ ቁጥሩ ያድጋል። ቁጥር አልናገርም ካለ፣ ያንንም ከነቀኑ ጽፈሽ ለሥራ አስኪያጅሽ ስጪው። ያኔ ዕቃ ይቁም ቢል እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።